አንድ ደመወዝ፣ ሦስት መነሻ፦ ግብር፣ ጡረታና ኦቨርታይም በአንድ ፔሮል ላይ እንዴት ይሰላሉ?

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅን ያሻሻለውን አዋጅ ቁጥር 1395/2017 አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ቀን ሲደርስ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ ግብሩ መቀነስ ሲገባው እንዳልቀነሰለት ይናገራል። ሌላው ኦቨርታይም በሠራበት ወር ግብሩ ከፍ ስላለ «እርከን ዘለልኩና የሠራሁትን ግብር በላው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የጡረታ መዋጮው ከጠቅላላ ክፍያው ለምን እንዳልተሰላ፣ ወይም ለምን እንደተሰላ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአንድ ስህተት የሚመነጩ ናቸው። ሰው «ደመወዝ» ሲል አንድ ቁጥር ያስባል። በፔሮል ላይ ግን፣ ማለትም በወርኃዊው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ፣ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ደመወዝን በሦስት መንገድ ይለኩታል። የገቢ ግብር ሕጉ አንድ መነሻ አለው፣ የጡረታ ሕጉ ሌላ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደግሞ የራሱ። ሦስቱን ለይቶ የያዘ ሰው የክፍያ ደረሰኙን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። የሚያምታታቸው ሰው ግን የሂሳብ ባለሙያም ቢሆን ይሳሳታል።

## ሦስቱ መነሻዎች

የመጀመሪያው የጡረታ መነሻ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። እዚህ ላይ ደመወዝ ማለት በቅጥር ውሉ ላይ የተጻፈው መሠረታዊ የወር ደመወዝ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የኃላፊነት አበልና የኦቨርታይም ክፍያ አይገቡበትም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በወሩ የቱንም ያህል ትርፍ ሰዓት ቢሠራ የጡረታ መዋጮው ከወር ወር አይለወጥም። የሚለወጠው መሠረታዊ ደመወዙ ሲስተካከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው የኦቨርታይም መነሻ ነው። ኦቨርታይም ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝን ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የተለያዩ አበሎችን፣ ጉርሻንና ኮሚሽንን ከትርጉሙ ያወጣቸዋል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዋጋ ሲወጣ አበል አይደመርም፤ መነሻው መሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ የጡረታና የኦቨርታይም መነሻ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የጡረታው መነሻ እንዳለ ሲወሰድ የኦቨርታይሙ በሰዓት መከፋፈሉ ነው፤ አለመግባባቱም የሚጀምረው ከአካፋዩ ቁጥር ነው።

ሦስተኛውና ሰፊው የግብር መነሻ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ሀ» የሚመለከተው ከመቀጠር የሚገኝ ገቢን ሁሉ ነው፤ ደመወዝ፣ አበል፣ ጉርሻ፣ ኮሚሽንና ኦቨርታይም ሁሉም ይገቡበታል። ከእነዚህ የሚወጡት ሕጉ በግልጽ ነፃ ያደረጋቸው ብቻ ናቸው። ለምሳሌ አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ወጪ፣ በውል የተሰጠ የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነለት ጣሪያ ድረስ፣ እንዲሁም ለአስቸጋሪ ቦታ የሚከፈል አበል በተወሰነለት ልክ ነፃ ናቸው። «አበል ግብር የለበትም» የሚለው የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም። የቤት አበል ግብር አለበት፣ የኃላፊነት አበልም አለበት፣ የትራንስፖርት አበልም ከጣሪያው ያለፈው ክፍል ግብር ይከፈልበታል።

ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ከግብር በፊት አይቀነስም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ በሌሎች አገሮች የጡረታ መዋጮ አስቀድሞ ሊቀነስ ስለሚችል ከውጭ የመጣ የፔሮል ሶፍትዌር በዚያው መልክ ተሰርቶ ይመጣል። በእኛ ሕግ ግብሩ ከሙሉው ገቢ ላይ ይሰላል፤ የጡረታው 7 በመቶም ከግብሩ ጎን ለጎን ከጠቅላላ ክፍያው ላይ ይቀነሳል። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ደግሞ በሠራተኛው ገቢ ላይ አይደመርም።

## የተሻሻለው ሠንጠረዥ

አዲሱ ሠንጠረዥ ከግብር ነፃ የነበረውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምርበትም ከ10,900 ብር ወደ 14,000 ብር ተነስቷል።

| የወር ገቢ (ብር) | ምጣኔ | የሚቀነሰው ቋሚ ቁጥር |
|---|---|---|
| እስከ 2,000 | 0% | 0 |
| ከ2,001 እስከ 4,000 | 15% | 300 |
| ከ4,001 እስከ 7,000 | 20% | 500 |
| ከ7,001 እስከ 10,000 | 25% | 850 |
| ከ10,001 እስከ 14,000 | 30% | 1,350 |
| ከ14,000 በላይ | 35% | 2,050 |

ሦስተኛው ዓምድ ለአቋራጭ ስሌት የሚያገለግል ነው። ሙሉ ገቢውን በእርከኑ ምጣኔ አባዝቶ ቋሚውን ቁጥር መቀነስ፣ ገቢውን እርከን በእርከን ከፋፍሎ ከማስላት ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ቋሚው ቁጥር የግብር ቅናሽ ወይም ድጎማ አይደለም። ዝቅተኞቹን እርከኖች በከፍተኛው ምጣኔ በማባዛታችን የተጋነነውን የሚመልስ የሂሳብ ማስተካከያ ነው።

## አንድ ወር፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ

በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ የንብረት መዝጋቢን እናስብ። መሠረታዊ ደመወዟ 10,400 ብር ነው። የቤት አበል 1,500 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 1,000 ብር ታገኛለች። የትራንስፖርት አበል ነፃ ጣሪያ በመመሪያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ለስሌቱ ያህል ከ1,000 ብሩ 600 ብሩ ከግብር ነፃ ነው ብለን እንያዝ። በወሩ ውስጥ ማምሻውን 10 ሰዓት፣ ሌሊት 4 ሰዓት፣ በሁለት የዕረፍት እሑዶች ደግሞ አራት አራት ሰዓት፣ በድምሩ 8 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች።

መጀመሪያ የሰዓቱ ዋጋ ይወጣል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ስላለው 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ወራት ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል። 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋ 50 ብር ይሆናል።

አዋጅ 1156 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ የማምሻው 10 ሰዓት 750 ብር፣ የሌሊቱ 4 ሰዓት 350 ብር፣ የእሑዱ 8 ሰዓት 800 ብር ያስገኛል። ድምሩ 1,900 ብር ነው።

ቀጥሎ የግብር መነሻው ይገነባል። መሠረታዊ ደመወዝ 10,400፣ የቤት አበል 1,500፣ የትራንስፖርት አበል 1,000 እና ኦቨርታይም 1,900 ሲደመሩ ጠቅላላ ክፍያው 14,800 ብር ነው። ነፃው 600 ሲወጣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 14,200 ብር ይሆናል። ይህም በ35 በመቶ ተባዝቶ 4,970 ይመጣል፤ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 2,920 ብር ነው።

የጡረታው ስሌት ወደ መሠረታዊው ደመወዝ ይመለሳል። የ10,400 ብር 7 በመቶ 728 ብር ነው። ከ14,800 ላይ 2,920 እና 728 ሲቀነሱ የተጣራው ክፍያ 11,152 ብር ይሆናል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶውን፣ ማለትም 1,144 ብር ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ይህች ሠራተኛ በዚያ ወር ለድርጅቱ የምታስወጣው 15,944 ብር ነው። ብዙ ጊዜ የአሠሪና የሠራተኛ ንግግር የማይገጥመው አንዱ 15,944፣ ሌላው 11,152 እያሰበ ስለሚነጋገር ነው።

## «ኦቨርታይሜን ግብር በላው» ሲባል

ከዚህ በፊት በነበረው ወር ይህች ሠራተኛ ምንም ትርፍ ሰዓት አልሠራችም እንበል። ግብር የሚከፈልበት ገቢዋ 12,300፣ ግብሩ 2,340፣ የተጣራው ደግሞ 9,832 ብር ነበር። በኦቨርታይሙ ወር ግብሩ በ580 ብር ጨምሯል፤ በእጅ የደረሰው ደግሞ በ1,320 ብር። ከ1,900 ብር ውስጥ 580 ብር መሄዱ ያማል፤ ግን ኦቨርታይም በመሥራቷ ከበፊቱ ያነሰ ገንዘብ ወደ ቤት አልወሰደችም። ይህ በዚህ ሠንጠረዥ ሊሆንም አይችልም።

35 በመቶ እርከን ውስጥ መግባቷ ሙሉ ገቢዋን በ35 በመቶ አላስቀረጠም። ከ1,900 ብሩ ውስጥ 1,700 ብሩ እስከ 14,000 ድረስ ባለው የ30 በመቶ እርከን ውስጥ ነው፤ ግብሩ 510 ብር። ከ14,000 ያለፈው 200 ብር ብቻ ነው 35 በመቶ የተከፈለበት፤ ያም 70 ብር። እርከን መዝለሏ ያስከተለው ጭማሪ የዚያ 200 ብር 5 በመቶ፣ ማለትም 10 ብር ነው። የሚወራው ሁሉ በዚህ 10 ብር ላይ ነው።

ቅሬታው ግን መሠረት የለሽ አይደለም። መሠረታዊ ደመወዟና የቤት አበሏ ዝቅተኞቹን እርከኖች አስቀድመው ስለሞሉ የኦቨርታይሙ እያንዳንዱ ብር የሚቀረጠው በላይኛው ጫፍ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት ትርፍ ሥራ ከአንድ ሰዓት መደበኛ ሥራ ይልቅ በግብር የሚጎዳ የሚመስለው። ኦቨርታይም በተለየ ዝቅተኛ ምጣኔ ይቀረጥ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። በሌላ ወገን፣ ኦቨርታይም ለብቻው ቢታይ አሠሪዎች መደበኛውን ደመወዝ ኦቨርታይም እያሉ ለመክፈል እንዲሞክሩ መንገድ ይከፍታል የሚለው ስጋትም ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ስጋት ይበልጥ የሚያሳምን ይመስለኛል፤ ደመወዝን በሌላ ስም የመክፈል ልማድ ዛሬም በአበል በኩል ስላለ።

## አካፋዩ ቁጥር፦ 208፣ 240 ወይስ 173.33?

በፔሮል ውስጥ ከሁሉ በላይ ዝም ተብሎ የሚታለፍ፣ ሠራተኛውን ግን በየወሩ የሚነካው ቁጥር ይህ ነው። ሕጉ መደበኛውን ሰዓት በቀንና በሳምንት ይወስናል፤ በወር ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ ቁጥር አይጽፍም። ስለዚህ ድርጅቶች በተለያየ መንገድ ያካፍላሉ።

አንዳንዶቹ ወሩን 30 ቀን በ8 ሰዓት አባዝተው 240 ይላሉ። ይህ ቁጥር እሑዶችንም እንደ ሥራ ቀን ስለሚቆጥር የሰዓቱን ዋጋ ያወርዳል። በምሳሌያችን የሰዓቱ ዋጋ ከ50 ብር ወደ 43 ብር ከ33 ሳንቲም ይወርዳል፤ ኦቨርታይሙም ከ1,900 ወደ 1,646 ብር ከ67 ሳንቲም ይቀንሳል። የሠራችው ሰዓት አልተነካም፤ ግን 253 ብር ከ33 ሳንቲም ጠፍቷል። በሳምንት 40 ሰዓት በሚሠራበት ድርጅት ደግሞ 40 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 173.33 ይመጣል፤ የሰዓቱ ዋጋ 60 ብር፣ ኦቨርታይሙ 2,280 ብር ይሆናል።

ትክክለኛው አካፋይ ሠራተኛው በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ከሚሠራው የሳምንት ሰዓት የሚወጣው ነው። 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው 208፣ 40 ሰዓት የሚሠራ 173.33። 240 ግን ማንም ከማይሠራው የሰባት ቀን ሳምንት ብቻ የሚወጣ ነው። ይህን ቁጥር ለማወቅ የደመወዝ ክፍል መጠየቅ አያስፈልግም። የተከፈለውን ኦቨርታይም ለተመዘኑ ሰዓቶች ማካፈል በቂ ነው። በምሳሌያችን 10 በ1.5፣ 4 በ1.75፣ 8 በ2 ተባዝተው ሲደመሩ 38 ይሆናሉ። የተከፈለው 1,900 ለ38 ሲካፈል 50 ይመጣል፤ 10,400 ለ50 ሲካፈል ደግሞ 208።

ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ መገደቡም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከገደቡ ያለፈ ሰዓት በፔሮል ላይ ሲታይ ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አሠሪው ሌላ ጥያቄ ይነሳበታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቦታ ትርፉ «ማበረታቻ» በሚል ስም ተመዝግቦ ይከፈላል። ግብሩ በዚህ አይለወጥም፤ ሠራተኛው የሠራበት ማስረጃ ግን ይጠፋል።

## መሠረታዊ ደመወዝን አሳንሶ አበልን ማብዛት

በሥራ ቅጥር ድርድር ላይ «ደመወዙን ዝቅ አድርገን በአበል እንክፈልህ፣ ግብር ይቀንስልሃል» የሚል ሐሳብ ይሰማል። በምሳሌያችን እንፈትሸው። የቤት አበሉ 1,500 ብር ወደ መሠረታዊ ደመወዝ ቢገባና ደመወዙ 11,900 ቢሆን፣ ኦቨርታይም ባልተሠራበት ወር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ያው 12,300 ብር ነው፤ ግብሩም ያው 2,340። የቤት አበል ግብር ስላለበት ስሙን መቀየር አንድ ሳንቲም አያድንም።

የሚለወጠው ጡረታው ነው። ሠራተኛዋ 105 ብር ተጨማሪ ታዋጣለች፣ አሠሪዋ ደግሞ 165 ብር። ስለዚህ በአበል መክፈል በየወሩ 270 ብር ከጡረታ ፈንድ ያስቀራል። ከዚህ ውስጥ አሠሪው የሚያድነው ከሠራተኛዋ ይበልጣል። ዛሬ ኪሷ የሚገባው 105 ብር እውነተኛ ነው፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህን የምትመርጥ ሰው ምክንያት አላት። ግን የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ያም መሠረታዊው ደመወዝ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚቆጠረው ከዚያው ነው። ኦቨርታይሙም እንዲሁ ይነካል፤ 11,900 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 57 ብር ከ21 ሳንቲም ስለሚሆን ያው 38 ተመዛኝ ሰዓት ከ1,900 ይልቅ 2,174 ብር ገደማ ያስገኝ ነበር። ትርፍ ሰዓት አዘውትራ የምትሠራ ሰው 105 ብሩን አትርፋ ከዚያ የሚበልጠውን በኦቨርታይም ታጣለች። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ይህ የመጨረሻው ስሌት ሲቀርብ አይታይም።

## ስህተቱ የት ይደበቃል?

የሚደጋገሙት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አሻራ ይተዋሉ።

ጡረታን ከጠቅላላ ክፍያ ላይ ማስላት አንዱ ነው። በምሳሌያችን የ14,800 ብር 7 በመቶ 1,036 ይመጣል፤ ከትክክለኛው 308 ብር ይበልጣል። ለማወቅ የተቀነሰውን መዋጮ ለ0.07 ማካፈል ነው። ውጤቱ በቅጥር ውሉ ላይ ካለው ደመወዝ ጋር እኩል ካልሆነ ስህተት አለ።

ሌላው ጡረታውን ከግብር በፊት መቀነስ ነው። 14,200 ላይ 728 ተቀንሶ 13,472 ሲቀረጥ ግብሩ 2,691 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ 228 ብር ከ40 ሳንቲም ይጎድላል። ሠራተኛው ይህን ስህተት አይከራከርበትም፣ ስለተጠቀመ። በኦዲት ጊዜ ግን ግብር ቀንሶ የማስገባት ግዴታ ያለበት አሠሪው ስለሆነ ጉድለቱ ከነቅጣቱ እሱ ዘንድ ይመጣል። በ50 ሠራተኞችና በ12 ወራት ሲባዛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሦስተኛው ኦቨርታይምን በተለየ ፔሮል መክፈልና ለብቻው መቅረጥ ነው። ይህ ስህተት ድሮም ነበረ፤ አዲሱ ሠንጠረዥ ግን ይበልጥ አባብሶታል። 1,900 ብር ለብቻው ሲታይ ከ2,000 በታች ስለሆነ ግብሩ ዜሮ ይሆናል፤ በዚያ ወር መከፈል የነበረበት 580 ብር ሙሉ በሙሉ ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በተቃራኒው ኦቨርታይሙ በጅምላ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ያኔ ከ580 ይልቅ 665 ብር ይሄዳል፣ ሠራተኛውም በ85 ብር ይበደላል። የወሩ ገቢ ሁሉ ተደምሮ አንድ ጊዜ መቀረጥ አለበት።

አራተኛው ያልታደሰ የኤክሴል ቀመር ነው። ምጣኔው 35 በመቶ መሆኑን አይቶ አሮጌውን ቋሚ ቁጥር 1,500 ሳይቀይር የተወ የሂሳብ ሠራተኛ ከ14,200 ላይ 3,470 ብር ይቆርጣል፤ 550 ብር ትርፍ። በሰንሰለት ከተጻፈ የ`IF` ቀመር ይልቅ ይህ አጭር ቀመር ለስህተት የማይመች ነው፤ `B2` ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው፦

```
=MAX(0, B2*15%-300, B2*20%-500, B2*25%-850, B2*30%-1350, B2*35%-2050)
```

ምጣኔዎቹ ወደ ላይ ብቻ ስለሚያድጉ ትክክለኛው ግብር ሁልጊዜ ከስድስቱ ትልቁ ነው። በ14,200 ላይ ውጤቶቹ በቅደም ተከተል 0፣ 1,830፣ 2,340፣ 2,700፣ 2,910 እና 2,920 ይሆናሉ። እርከኑን መፈለግ አያስፈልግም።

## ማሻሻያው ለማን ምን ያህል አቀለለ?

ያቺ 550 ብር ሌላም ነገር ታሳያለች። ከ14,000 ብር በላይ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ያለው ማንኛውም ሰው፣ 15,000ም ይሁን 150,000፣ በማሻሻያው የቀነሰለት ግብር በትክክል 550 ብር ነው፤ በሁለቱ ቋሚ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት። 10,000 ብር ለሚያገኝ 395 ብር፣ 5,000 ለሚያገኝ 197 ብር ከ50፣ 2,000 ለሚያገኝ ደግሞ 157 ብር ከ50 ቀንሷል። ከገቢው አንጻር ሲታይ የ2,000 ብር ደመወዝተኛ ወደ 8 በመቶ፣ የ5,000 እና የ10,000 ብር ደመወዝተኛ ወደ 4 በመቶ አካባቢ ተርፎለታል። «ግብሩ አልቀነሰልኝም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን አበል የተጨመረላቸው ወይም ቀመራቸው ያልታደሰ ሰዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነፃው ጣሪያ ከዚህ በላይ ከፍ እንዲል ሲጠይቅ ቆይቷል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የዋጋ ንረቱ የ600 ብርን ትርጉም ካጠፋው ቆይቷልና፣ 2,000 ብርም የቤተሰብን የወር አስቤዛ አይሸፍንም። የመንግሥት ወገን የሚያነሳው ደግሞ ከደመወዝ የሚቀነስ ግብር ለመሰብሰብ ቀላሉና አስተማማኙ የገቢ ምንጭ መሆኑን ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ቀላል መሆኑ ሸክሙ በደመወዝተኛው ላይ እንዲበዛ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሌላው መፍትሔ ያልተሰጠው ነገር እርከኖቹ በብር የተጻፉ ቋሚ ቁጥሮች መሆናቸው ነው። ዋጋ በጨመረና ደመወዝ በተስተካከለ ቁጥር ሰዎች የመግዛት አቅማቸው ሳይጨምር ወደ ላይኛው እርከን ይገፋሉ። እርከኖቹ ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው የሚስተካከሉበት ሥርዓት እስካልተዘረጋ ድረስ የዛሬው ማቅለያም በዚያው መንገድ ይሟሟል።

## የዘገየ ኦቨርታይም

ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መከፈል ስላለበት የደመወዝ ክፍሎች መዝገብ የሚዘጉት ወሩ ሳያልቅ ነው። አንዳንድ ቦታ የሰዓት መቆጣጠሪያው በ20ኛው ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። በየወሩ እኩል የሚሠራ ሰው በዚህ አይጎዳም። የኃላፊ ፊርማ ዘግይቶ የሁለት ወር ኦቨርታይም በአንድ ወር ፔሮል ላይ ተደምሮ ሲቀረጥ ግን ልዩነት ይመጣል።

የመጋዘኗ ሠራተኛ በሁለት ተከታታይ ወራት 1,900 ብር ኦቨርታይም ብትሠራና በየወሩ ቢከፈላት የሁለቱ ወራት ግብር 5,840 ብር ነው። የመጀመሪያው ወር ያለ ኦቨርታይም አልፎ በሁለተኛው ወር 3,800 ብር አንድ ላይ ሲመጣ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 16,100 ብር ደርሶ የዚያ ወር ግብር 3,585፣ የሁለቱ ወራት ድምር ደግሞ 5,925 ብር ይሆናል። ሰዓቷም፣ ደመወዟም፣ ሕጉም አልተለወጡም፤ ፊርማው ስለዘገየ ብቻ 85 ብር ከእጇ ወጥቷል። የሰዓት ወረቀቱ የየወሩን ሥራ ለየብቻው ካላሳየ ደግሞ 85 ብሩ ከየት እንደሄደ የሚያውቅ አይኖርም።